ሴና ለንብረት ክፍሉ ስትጠይቅ

ሴና በጉደሩ የዱቄት ፋብሪካ ለገንዘብ ያዥነት ተወዳድራ ወደቀች። ፋብሪካው የንብረት ክፍል ሠራተኛም ይፈልግ ስለነበር፣ ለዚያ እንድትታይ ልትጠይቅ ተነሳች። አጎቷ ኦቦ ጉዴ፣ "ሽማግሌ ሳይዙ ይለመናል?" ብለው ዱላቸውን ይዘው ተከተሏት።

የቅጥር ኃላፊው ጅሩ ጥያቄዋን ሰምቶ፣ "የገንዘብ ያዡ ውሳኔ አይቀየርም" ብሎ ጀመረ። ኦቦ ጉዴ ቀሪውን አልጠበቁም።

"ሽማግሌ ፊት እምቢ ትላለህ?"

ዱላው ትከሻው ላይ አረፈ፤ ጅሩ ከወንበሩ ወደቀ። ሁለተኛውን ሲሰነዝሩ ሴና መሀል ገባች። ቀኝ እጇ ተሰነጠቀ፣ ደሟ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ ገብቶ አዛውንቱን ከግድግዳ አጣበቃቸው፤ በጡጫ ከንፈራቸውን አፈረጠው።

"በቃ፣ ተዋቸው" አለ ጅሩ ትከሻውን ይዞ እየተነሳ።

"ጋሼ፣ እኔ ውሳኔው ይቀየር አላልኩም" አለች ሴና ወደ ጅሩ ዞራ። "ለንብረት ክፍሉ ብቻ ይዩኝ።"

"ለእሱ ዲፕሎማሽ ይበቃል ልልሽ ነበር እኮ። ማስረጃሽ ፋይልሽ ውስጥ አለ፤ ምዝገባው ሳይዘጋ አዲስ ማመልከቻ ጻፊ። ከእንግዲህ ግን እኔ አልፈትንሽም፣ ሌላ ሰው ይፈትንሽ። እሱ ጋ ደግሞ ሽማግሌ እንዳታመጪ።"

ሴና የቆሰለ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ፣ በግራ እጇ መጻፍ ጀመረች።