መተው የነበረብኝ ኳስ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ የግቢዋን አጥር ኖራ ስታስቀባ ሽታው በመስኮት ገብቶ ሥራ አስፈታኝ። እርጥብ ኖራ ለሌላው ሰው የአዲስ ዓመት ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የግብ መስመር ሽታ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ የሰፈራችን ሜዳ፣ የክረምቱ ዋንጫ ፍጻሜ። ዝናብ ባራሰው የኖራ መስመር ላይ በጉንጬ ወድቄ ነበርና ያ ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ የሰፈራችን የሴቶች ቡድን ተጠባባቂ በረኛ ነበርኩ። አጥቂ ስትደክም ትቀየራለች፤ በረኛ ግን ካልተጎዳች ወይም በቀይ ካልተባረረች ቦታዋን ለማን ትለቃለች? ሁለት ክረምት ሙሉ ሥራዬ ከግቡ ጀርባ ቆሞ ያለፈውን ኳስ ማምጣት ነበር። ከቦይም ቢሆን፣ ከሰው ጎመን መሃልም ቢሆን እየሮጥኩ በእጄ ብድግ አድርጌ እመልሳለሁ። የጎመኑ ባለቤት ከአሰልጣኙ ይልቅ እኔን ያውቁኝ ነበር።

ዋናዋ በረኛ አንድ ክፍል አብራኝ የምትማር ልጅ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፤ ሜዳ ስትገባ ግን ድምጿ ገበያ ይበትናል። ጓንታችን አንድ ብቻ ስለነበር እሷ ታጠልቀዋለች፣ እኔ አጥቤ አሰጣዋለሁ። የምታውቀውን ግን ሰስታብኝ አታውቅም። በግማሽ ፍጻሜው ዳኛው በእኛ ላይ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ሰጠ። እንዲህ ያለው ምት ሌላ ተጫዋች ሳይነካው መረብ ውስጥ ቢገባ ግብ አይባልም፤ ዳኛውም ይህን ለማሳወቅ አንድ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይቆያል። መቺዋ ረስታው ይሁን ቸኩላ፣ በቀጥታ ወደ ግባችን ላከችው። የእኛዋ በረኛ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ኳሱ መረቡን ሲመታ ቆማ አየች። ሰው ሁሉ ጮኸባት። ዳኛው ግቡን ሽሮ ኳሱ ከእኛ እንዲጀመር አዘዘ። ስንወጣ እየሳቀች፣ «እንዲህ ያለውን ከነካሽው ያገባሽው አንቺ ነሽ፤ መተው ነው» አለችኝ። እኔም ገብቶኝ ነበር።

አሰልጣኛችን የባጃጅ ሹፌር ነበር። ከፍጻሜው ሦስት ቀን በፊት፣ «ለዞኑ ቡድን ምርጫ ከዚህ የምልከው አንዲት በረኛ ብቻ ነው» ብሎ ነገረን። ማን እንደሆነች ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። እኔ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ምን እንደለመንኩ ልናገር፦ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ለዚያች ቀን ብቻ፣ እንድትታመምልኝ ለመንኩ። ጓደኛዬ ናት፤ ቢሆንም ለመንኩ።

በፍጻሜው አንድ ለባዶ እየመራን ሳለ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀር፣ አጥቂያቸው ብቻዋን አምልጣ መጣች። በረኛችን ወጥታ እግሯ ሥር ተወረወረች። ኳሱን አዳነችው፤ ስትነሳ ግን የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ጎን ዞራ ነበር። ጓንቱን ራሷ በጥርሷ ይዛ አወለቀችው። ሳጠልቀው ውስጡ በላቧ ይሞቅ ነበር። አሰልጣኙ ለዳኛው ቅያሪውን ነግሮ አስገባኝ። የተሰማኝን ብጠየቅ፣ ደስታ ነበር። እሷ እጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ሐኪም ቤት እንሂድ ቢሏት እምቢ አለችና ከግቡ ጀርባ፣ እኔ ሁለት ክረምት በቆምኩበት ቦታ ቆመች።

ብዙም አልቆየን። ዝናቡ ያካፋል፣ ሜዳው ጭቃ ሆኗል። የግራ ተከላካያችን አጥቂ ስታስጨንቃት ዞራ ኳሱን በእግሯ ወደ እኔ መለሰችው። ጎንበስ ብዬ በእጄ አነሳሁት። እንደ ሁልጊዜው፣ ከቦይ እንደማነሳው። የራስሽ ተከላካይ አስባ በእግሯ ያቀበለችሽ ኳስ በእጅ አይነካም፤ በእግርሽ ትመቺዋለሽ እንጂ። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ፊሽካው ሲነፋ ገና ኳሱን አቅፌው ነበር።

ቅጣቱ ከነካሁበት ቦታ ነው፤ ከግቡ አሥራ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። ዳኛው እጁን ወደ ላይ አነሳ። ልጆቻችን ከግቡ መስመር ትንሽ ወጣ ብለው ፊት ለፊቴ ተደርድረው ግድግዳ ሠሩ። ሁለት የእነሱ ተጫዋቾች ኳሱ አጠገብ ቆሙ፤ አንዷ ነክታ ለሌላዋ ልታመቻችላት መሆኑ ያስታውቃል። ከኋላዬ ያ ድምፅ መጣ።

«አንቺ! እጁን እይ! በቀጥታ ከመታችው ተይው! ተይው!»

ሰማኋት። ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

ረጅሟ ጓደኛዋን ሳትጠብቅ መታችው። ኳሱ በግድግዳው አናት አልፎ ወደ ቀኝ ማዕዘን መጣ። የዳኛው እጅ እንደተሰቀለ ነው፤ እሱንም አይቻለሁ። ግን ሁለት ክረምት ሙሉ የጠበቅኩት ኳስ ነበር። ተወረወርኩ። በጣቴ ጫፍ ነካሁት፣ ቋሚውን መታና ወደ ውስጥ ገባ። ጉንጬ ኖራው ላይ ሆኖ ቀና ስል ዳኛው እጁን አውርዶ መሃል ሜዳውን ያሳያል። ብተወው ኖሮ ግብ አልነበረም።

በመለያ ምት ተሸነፍን። አራት መቱ፣ አራቱም ገቡ፤ እጄ ከዚያ በኋላ አልታዘዘኝም። የወጣች ስለማትመለስ እሷም ልትረዳኝ አልቻለችም።

ከሜዳው ዳር አሰልጣኙ ፊቴ መጥቶ ቆመ። «ለምን ነካሽው? ማነው ንኪ ያለሽ?» ሁሉም ከበውኝ ያዩኛል፣ የግራ ተከላካይዋ ታለቅሳለች። ያን ጊዜ በረኛችን በነጠላ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች በመሃል ገባች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ያዢው ብዬ የጮኽኩባት እኔ ነኝ፤ ጣቴን አሞኝ ተሳሳትኩ።»

አሰልጣኙ ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ሜዳውን የምታውቂው? እንደሱ ከሆነ ዝም ብትዪ ይሻል ነበር» አላት። እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ሲነቅዝ ኖረ።

ጣቷ ከምርጫው በፊት ድና ነበር። አሰልጣኙ ግን «በጭንቅ ሰዓት ሰው የምታሳስት ናት» ብሎ ተዋትና እኔን ላከኝ። ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን አመስግነው ሸኙኝ። የሰው ወርቅ አያደምቅ። እሷ ወደ ሜዳው ተመልሳ አልመጣችም፤ በዓመቱ ደምበጫ ተዳረች ሲባል ሰማሁ።

አምና በጉዳይ ደምበጫ ሄጄ፣ የገበያ ቀን ነበርና ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ አገኘኋት። ተሳሳምን፣ ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት፣ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ። ከዚያ ድፍረቱ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ፣ «ያን ቀን ተይው ነው ያልሽኝ። ሰምቼሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች ሽንኩርቱን እየለየች። «ስጮህ እሺ ብለሽ ራስሽን ነቅንቀሽልኝ ነበራ።»

መነቅነቄን እንኳ እኔ ረስቼዋለሁ። «ታዲያ እያወቅሽ ለምን?»

የለየችውን ሽንኩርት ወደ ጎን አደረገች። «እኔ ጣቴ ተሰብራ ነበር፤ ማልቀሻ ሰበብ ነበረኝ። አንቺ ምንም አልነበረሽም፣ እቴ።»

ገዢ መጥቶ ጠራት። ዞራ የሽንኩርቱን ዋጋ ነገረችው። እኔ ሽንኩርት እንደምትመርጥ ሴት ጎንበስ ብዬ ፊቴን ሸሸግኩ።