ቶሎ የሚሞላ ባትሪ

ዓይኔን በጨው አጥቤ መኪናዬን ልሸጥ የወጣሁበት ቀን ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴ ይግላል። ሌባ አይደለሁም። ጎንደር ውስጥ ይህን ሁሉ ዓመት ቀለምና ሚስማር ስሸጥ አንድ ሰው እንኳ አታለልከኝ ብሎኝ አያውቅም። ግን ያቺ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ አሮጌ ሃይብሪድ ጉድ ሠራችኝ፣ እኔም ጉዱን ለሌላ ሰው ላሸክም ተነሣሁ።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። መሪው ፊት ለፊት ቀይ ሦስት ማዕዘን መብራት በራ። አዘዞ ያለው መካኒክ ወዳጄ ኮምፒውተሩን ሰክቶ አነበበና ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለው ትልቁ ባትሪ መድከሙን ነገረኝ። ባትሪው ዐሥራ አራት ክፍል አለው። መኪናዋ ስትቆም ሁሉም እኩል ይመስላሉ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ግን የአንዱ ቮልት ከሌሎቹ ተለይቶ ይወርዳል።

‹‹እሱን ብቻ ብንቀይረውስ?›› አልኩት።

‹‹ይቀየራል። ግን የቀሩትም እኩዮቹ ናቸው። ዛሬ እሱን ትቀይራለህ፣ ከወር በኋላ ጎረቤቱ ይከተለዋል። ሙሉውን ካልክ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፣ የመኪናዋን ዋጋ ሩብ ይበላብሃል። ያገለገለ ልግዛ ካልክ ደግሞ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚነግርህ የለም።››

እኔም እሱን ሰደብኩት። ምን አጠፋ ሰውዬው? ምንም። ከዚያ ለደላላ ነገርኩና ገዢ ሲገኝ፣ የቀጠሮው ቀን ጠዋት በማለዳ መካኒኩ ዘንድ ሄጄ ‹‹መብራቱን አጥፋልኝ›› አልኩት። አጠፋው። ‹‹ይመለሳል፣ እወቀው›› አለኝ። እወቀው ያለኝን እያወቅሁ ሄድኩ።

ገዢው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ከደባርቅ የመጡ። ልጃቸውም አብራቸው አለች፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ዓመታት የሰው ታክሲ ስትነዳ ኖራለች። አባት ደባርቅ ያለውን ቤታቸውን ሸጠው ፀዳ ከልጃቸው ጋር ተከራይተው ገብተዋል፣ ለእሷ የራሷን መኪና ሊገዙላት። ይህን ሁሉ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ነገሩኝ። ምነው ባልነገሩኝ አልኩ በልቤ።

ያሰብኩት ወደ አዘዞ ቁልቁል ልነዳላቸው ነበር። ጠዋት ነው፣ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ቁልቁለት ደግሞ የታመመ ባትሪንም ጤነኛ ያስመስላል። ልጅቷ ግን በሩን እንደዘጋች፣ ‹‹ጋሼ፣ በወለቃ በኩል ሽቅብ እንውጣ። የኔ ሥራ ዳገት ነው›› አለች። እምቢ ብል ያስጠረጥራል። እሷ መሪውን ያዘች፣ አባት ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ፣ ልክ ባትሪው ፊት ተቀመጥኩ።

ወለቃን እስክናልፍ ደህና ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ስክሪኑ ላይ የባትሪውን መጠን የሚያሳዩት መስመሮች መውረድ ጀመሩ፣ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት። ሞተሩ ጮኸ። ከትከሻዬ አጠገብ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ተነሣ። ያ ቀይ መብራት አሁን በራ፣ አሁን በራ እያልኩ አንገቴን አስግጌ ዳሽቦርዱን አያለሁ።

‹‹ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?›› አለች።

‹‹ንፋስ ነው›› አልኩ። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍ እንዲያደርጉልኝ አባቷን ለመንኩ። ዜና ትወዳለህ እንዴ አሉኝ። በጣም አልኳቸው። ስለ ምን እንደሚወራ እንኳ አልሰማሁም።

መብራቱ አልበራም። ኮሶዬ ሳንደርስ አዞረችና መመለስ ጀመርን፣ እኔም ተነፈስኩ። ቁልቁለቱን ገና ከመያዛችን መስመሮቹ ሽቅብ ወጡ። ሁለት፣ አምስት፣ ስምንት። ሞልቶ አረንጓዴ ሆነ።

አባት እጃቸውን አጨበጨቡ። ‹‹አየሽልኝ? እንዴት ቶሎ እንደሞላ! ሸጋ ባትሪ ነው፣ እግዜር ይመስገን›› አሉ። ወደ ኋላ ዞረው ‹‹አንተም ሸጋ ሰው ነህ። በባትሪው እንዳትሸወዱ ብሎ ስንቱ አስፈራርቶን ነበር መሰለህ›› አሉኝና እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተው ፖስታ አወጡ። ቀብድ ነው።

እኔ የማውቀውን እሳቸው አያውቁም። ቶሎ የሞላው የሚይዘው ትንሽ ስለሆነ ነው። በስኒ ውኃ ብትቀዳ ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ያልቃል። ደግሞም ሜዳው ላይ ስንደርስ ትንሽ እንደነዳች ሦስት መስመር ጠፋ። እሳቸው ፖስታውን እንጂ ስክሪኑን አያዩም።

በሽታውን ነው የሚያመሰግኑልኝ። አንጀቴን በሉት።

‹‹አይስጡኝ›› አልኩ። ‹‹ባትሪው አርጅቷል። ቢበዛ ጥቂት ወር ቢሠራ ነው።››

ልጅቷ ዳር ይዛ ቆመች። የምመሰገን መስሎኝ ነበር፣ እኔ ጅል። አባት ፖስታውን መልሰው ከተቱና ‹‹ሌላ ገዢ መጣልህ?›› አሉኝ።

‹‹የለም አባቴ።››

‹‹ዋጋ ልትጨምር ነው። ሰው ያመሰገነለትን ዕቃ ራሱ የሚያጣጥል ነጋዴ አይቼ አላውቅም።››

በሕይወቴ እውነት ተናግሬ እንደዚያ ቀን ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ተናደድኩ። ‹‹እንሂድ፣ በዓይንዎ ያያሉ›› አልኩና መሪውን ራሴ ይዤ አዘዞ ወረድን።

መካኒኩ ከሰዎቹ ጋር ሲያየኝ ለመሸጥ እንዲያግዘኝ የመጣሁ መሰለው። ገና ሳንወርድ ‹‹እቺን መኪናማ እኔ ነኝ የማውቃት፣ ወርቅ ናት!›› አለ። አባት አዩኝ። ‹‹ዝም ብለህ ሰክተህ አሳያቸው›› ብዬ ጮህኩበት።

ሰካው። ግራ እየገባው ልጅቷን መሪው ላይ አስቀመጠ፣ እሱ የኮምፒውተሩን ስክሪን ይዞ ከጎኗ ገባ፣ እኔና አባት ከኋላ። ከጋራዡ በላይ ያለችውን ዳገት ነዳጁን ሙሉ ረግጣ እንድትወጣ ነገራት። ዐሥራ ሦስቱ ክፍሎች እኩል ወረዱ፣ አንዱ ግን ከእነሱ ከአንድ ቮልት በላይ ተለይቶ ወደቀ። መካኒኩ በጣቱ አሳያቸው። ‹‹ይሄ ሞቷል ማለት ይቻላል። ሲሞት ደግሞ ሸክሙን የሚጭነው በሌሎቹ ላይ ነው።››

ልጅቷ መኪናዋን አቁማ ስክሪኑን ተቀበለችው። ታች ድረስ በጣቷ ገፋችና አንድ መስመር ላይ ቆመች።

‹‹ይሄ ምን ማለት ነው? መብራቱ ከጠፋ ወዲህ የተሄደ፣ ስልሳ ሦስት ኪሎ ሜትር።››

መካኒኩ ወደ እኔ ዞረ። መንገዱ ያው የዛሬው ነው። ከጋራዡ ከተማ፣ ከከተማ ሽቅብ፣ ተመልሰን አዘዞ፣ ስልሳ ሦስት። ሁላችንም በልባችን እየደመርን እንደነበር አውቃለሁ።

‹‹ዛሬ ጠዋት ነው ያስጠፉት›› አለች። እሷ ጠየቀች እንዳልል ድምፅዋ የጥያቄ አልነበረም።

‹‹አዎ።››

ትቆጣለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም፣ ስክሪኑን ለመካኒኩ መለሰችና የመፈተሻ ክፍያ ስንት ነው አለችው። እሱ አያስፈልግም ቢላት ከመኪናዋ ወርዳ ቀጥ ብላ ቆማ ከፈለችው።

አባት ግን አልወረዱም። አጠገቤ ተቀምጠው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩ።

‹‹ባላመሰግናት ኖሮስ?›› አሉኝ። ‹‹ዝም ብዬ ገንዘቡን ሰጥቼህ ብሆን ትነግረኝ ነበር?››

እነግርዎት ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

‹‹አላውቅም›› አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ‹‹ቤቴን ሽጬ ነበር እኮ›› አሉ፣ ቀስ ብለው፣ የማላውቀው ይመስል። ከዚያ ወረዱ።

ፀዳ ላድርሳችሁ አልኳቸው፣ ቅርብ ነው። ልጅቷ ውሳኔውን ለአባቷ ትታ አየቻቸው። አባት መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ አዩዋትና፣ ‹‹አይ፣ ልጄ፣ በእግራችን እንሄዳለን›› አሉኝ።