ስኳር ሲታደል የሚበዛው ሕዝብ

ይታወቅ! የጊሚራ አውራጃ ጤና ጥበቃ መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ባለ አንድ ኮቱ ማቴዎስ፣ ሰፊው ሕዝብ ስንት እንደሆነ ሊያጣራ መነሣቱን ወዳጅም ጠላትም ይወቅልን።

በ1979 ዓ.ም. ለሸኮ ወረዳ ሁለተኛ ክሊኒክ ይሠራ ተብሎ ከሚዛን ተፈሪ የተላከው ማመልከቻ ከጅማው የክፍለ ሀገር ጽሕፈት ቤት ተመለሰ። «የሕዝቡ ቁጥር ምንጭና ዓመት ይገለጽ» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። የማቴዎስ እህት አስካለች ባለፈው ምጥ ይዟት ከሸኮ በቃሬዛ ሚዛን የደረሰችው ተሸካሚዎቿ ሁለት ጊዜ ተቀያይረው ነበር። አሁን ደግሞ የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ከፈለኝ ግን አልደነገጡም። ምንጩ ሰፊው ሕዝብ ነው፤ ዓመቱም የአብዮቱ ዘመን ነው አሉ። እውነቱ ሌላ ነው። ቁጥሩ የተወሰደው ከገበሬ ማኅበራት የስኳር ማደያ መዝገብ ነበር።

«ጓድ፣» አለ ማቴዎስ፣ «እኛ አገር ስኳር ሲታደል ቤተሰቡ ዘጠኝ ነው። መዋጮ ሲጠየቅ ሦስት ይሆናል። ጅማዎች ይህን አያጡትም።»

ስለዚህ ለማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት ይጻፍ ተባለ። ጓድ ከፈለኝ ግማሽ ገጽ መፈክር አስቀድመው ነበር፤ ታይፒስቷ ወሰንየለሽ ካርቦኑ አልቋል ብላ በአንድ መስመር አስቀረችው። ቀሪው የማቴዎስ ነው፦ የመጨረሻው ቆጠራ የወረዳው ውጤት፣ ከተማና ገጠር ተለይቶ፣ ቁጥሩ የወጣበት ጽሑፍ ስምና ገጽ፣ የቆጠራው ዓመት፣ ደግሞም የትኛው በአካል እንደተቆጠረ የትኛው በግምት እንደተሞላ። ኃላፊው «ግምት» የምትለዋን ቃል ጠርጥረው አገላብጠው አዩዋት። ቢሆንም ፈረሙ፤ ማኅተም ተመታ፤ ግልባጩ ለጅማ ሄደ።

መልሱ በሁለተኛው ወር ደረሰ። ምንጩ የ1976 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው፤ ቆጣሪ ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች በግምት መሞላታቸው በግርጌ ተጽፏል። ድምሩ ከስኳሩ መዝገብ በሲሶ ያንሳል።

ጓድ ከፈለኝ ፊታቸው ጠቆረ፤ ወዲያው ግን በራ። የራሳችን ቁጥር እንዳለ ይቆይ፣ ከሥሩ የእነሱን ምንጭና ዓመት እንጻፍ፣ ማን ያያል? አሉ።

«የቆጠራው መጽሐፍ ጅማም አለ፣ ጓድ» አለ ማቴዎስ። «ከፍተው ካዩት ክሊኒኩም ይቀራል፣ ፊርማውም የርስዎ ነው።»

የፊርማው ነገር ሠራ። ትንሹ ቁጥር ከነግርጌ ማስታወሻው ተላከ። ትንሹም ቢሆን ለሁለት ክሊኒክ ይበቃ ነበርና ያለ ቀይ ቀለም ጸደቀ። ጓድ ከፈለኝ በስብሰባ ላይ የሳይንሳዊ ዕቅድ ድል ብለው ለራሳቸው አስጨበጨቡ። ማቴዎስም ከልቡ አጨበጨበ፤ ክሊኒኩ የማንም ድል ይሁን፣ ለእህቱ ይቅረባት እንጂ።

ግድግዳው ቆሟል፤ ቆርቆሮው ተመትቷል፤ አልጋም ገብቷል። የቀረው ከአዲስ አበባ የሚመጣው የነርስ ምደባ ደብዳቤ ብቻ ነው። አንተ አንባቢ፣ አዲስ አበባ ቢሮ ተቀምጠህ ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እስቲ ክርንህን አንሣና ከሥሩ ያለውን ወረቀት…