ከሦስተኛው ፎቶግራፍ ሥር የጻፍኩት

አማቴ የባላቸውን የቡና መጋዘን አዳራሽ ለማድረግ የወሰኑት ባልየው በሞቱ በዓመቱ ነው። መጋዘኑ ከከተማው ግንብ ከፈላና በር ውጭ፣ ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ውፍረቱ ሁለት ክንድ ነው፤ መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ጆንያ እንዳይሻግት አየር የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ብቻ አሉት። ቡናው ከሄደ በኋላ ቤቱ ተጠርጎ በኖራ ተቀባ፤ አማቴም በሩ ላይ ቆመው እጃቸውን አጣምረው፣ «ሰርግ ቢደረግበት ምን ይለዋል?» አሉ።

ሰው ግን አልመጣም። ክርስቲያኑ ሰርግ የሚደግሰው ዳስ ጥሎ ነው። በግንቡ ውስጥ የሚኖረው የጀጎል ሰው ደግሞ ቤት ቢጠበው የጎረቤቱ ቤት አለለት። መጋዘን ተከራይቶ ልጁን የሚድር ማን ነው? እኔ በዚያን ጊዜ ከአገሬው ሁሉ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ ብዬ የማምን ሰው ነበርኩ። እምነቱ እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ጥቅሙን ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። በየተገኘሁበት ማኅበር የምከራከረው፣ የእኛ ሰው ለወረቀት ክብር የለውም፣ አንድ በሬ ለመግዛት ሦስት ጊዜ ሄዶ ያያል፣ ጥርሱን ይቆጥራል፣ ጅራቱን ይጎትታል፣ እያልኩ ነበር። ስለዚህ አማቴን እንዲህ አልኳቸው፤ «ፎቶግራፍ ይነሣ። እኔ ከሥሩ እጽፍበታለሁ። ሰው ቤቱ ድረስ ሳይለፋ አይቶ ይከራያል።»

አማቴ እንደ ባህላችን ለእኔ ለአማቻቸው «እርስዎ» ይሉኛል፤ ሲቆጡም አይለቁትም። «እርስዎ ካሉ ይሁን» አሉ።

በከተማው ሱቅ ያለው አርመን ፎቶግራፍ አንሺ ሦስት ፎቶግራፍ አነሣ። አንደኛው ቤቱን ከነ በሩ፣ ከመንገዱ እንደሚታየው ያሳያል። ሁለተኛው ትልቁን ክፍል ያሳያል። ሦስተኛው የውስጡ ክፍል ነው፤ ድሮ የተመረጠው ቡና የሚቀመጥበት። በውስጡ ክፍል ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ስለሆነ ሰውየው መሣሪያውን ከኋላው ግድግዳ አስጠግቶ ፊቱን ወደ በሩ አዞረው። የትልቁን ክፍል በር ወለል አድርገን ከፍተነው ስለነበር የማምሻ ፀሐይ አዳራሹን አቋርጣ እስከዚያ ዘልቃለች። ፎቶግራፉ ሲወጣ አማረ። ሰፊ በር፣ ከበሩም ወዲያ ነጭ ብርሃን ይታያል። ሜዳ ላይ የሚከፈት ይመስላል።

እኔም ጻፍኩ። ከመጀመሪያው ሥር አዳራሹ የት እንደሚገኝ። ከሁለተኛው ሥር፣ «ርዝመቱ ሠላሳ ክንድ፣ ወርዱ አሥራ አራት። በምንጣፍ የሚቀመጥ መቶ ሃምሳ ሰው፣ በአግዳሚ የሚቀመጥ መቶ ሰው ይይዛል» የሚል። ከሦስተኛው ሥር፣ «ለሴቶች የሚሆን የውስጥ ክፍል። ስድሳ ሰው ይይዛል። የራሱ ሰፊ በር አለው።» በመጨረሻም፣ በጣም የኮራሁበት፤ «ቀኑን ለማስያዝ ቀብድ ይዞ ወደ ባለቤቲቱ መላክ ይበቃል። ቁልፉ በግብዣው ዕለት ጠዋት ይሰጣል። መጥቶ ማየት አያስፈልግም፤ ያለው ሁሉ እዚህ ይታያል።» አንድ የቁርኣን መምህር ከአማርኛው ሥር በዐረብኛ ጻፈልኝ። ሦስቱም በአርመኑ ሱቅ መስታወት ውስጥ ተሰቀሉ። በቀን ሁለት ጊዜ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ፤ መንገዴ ግን አልነበረም።

የመጀመሪያው ተከራይ ከጀጎል መጣ። ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሐጅ ያደረጉ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ። የመጨረሻ ልጃቸውን ሊድሩ ሲሰናዱ ክረምቱ የግቢያቸውን ግድግዳ አፍርሶባቸዋል። የሙሽራው ወገኖች ደግሞ ከጅጅጋና ከድሬዳዋ የሚመጡ ብዙ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ሁሉ ቤቱን አቅርቦላቸው ነበር። ወንድሞቻቸውም፣ «የእኛ ሰርግ ከግንቡ ውጭ ምን ይሠራል?» ብለው ተቆጥተዋል። ሐጂው ግን የልጃቸው ሴት እንግዶች በሦስት ቤት ተበትነው ከሚውሉ በአንድ ጣሪያ ሥር በክብር ቢቀመጡ መረጡ። ለወንድሞቻቸው የሰጡት መልስም ሦስተኛው ፎቶግራፍ ነበር። «ሴቶቹ የራሳቸው በር አላቸው፤ ተጽፏል» አሏቸው። ቀብዱንም በታላቁ ልጃቸው ላኩ።

በሰርጉ ዕለት ጠዋት ያ ልጅ ቁልፉን ወስዶ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። እኔና አማቴ ደጅ ተቀምጠናል።

«የሴቶቹ በር ቁልፍ የት አለ?» አለ።

«የቱ የሴቶች በር?» አሉ አማቴ።

«የውስጡ ክፍል። ወደ ኋላ የሚወጣው።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ጊዜ ገባኝ። የውስጡ ክፍል የራሱ በር አለው፤ የሚያስገባው ግን ከትልቁ ክፍል ነው። መጋዘን ነዋ። ሌባ ፈርቶ የተሠራ ቤት ሁለተኛ በር ምን ያደርግለታል? ስድሳ ሴቶች ወደ ክፍላቸው ለመግባት በመቶ ሃምሳ ወንዶች መሀል፣ በአማቾቻቸው እግር ላይ እየተረማመዱ ማለፍ አለባቸው። ለመውጣትም እንዲሁ።

«ጌታዬ፣ ምን ብለው ነበር የጻፉት?» አሉኝ አማቴ ቀስ ብለው።

«የራሱ በር አለው።»

«አለው እኮ» አሉ። ከዚህ ሌላ በዚያን ቀን ወቀሳ አልሰማሁም። ይህ ግን ይበቃል።

አዳራሹ ስንደርስ ሐጂው ቀድመውናል፤ የሙሽራይቱ አክስትም አብረዋቸው አሉ፤ ሴቶቹን የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ከኋላው ግድግዳ ወዲያ የጎረቤት ግቢ ነው፤ ባይሆንም ያን ድንጋይ በግማሽ ቀን የሚያፈርስ የለም። እኔ፣ መጽሐፍ ያነበበ ሰው መፍትሔ አያጣምና፣ «ከበሩ እስከ ውስጡ ክፍል በግድግዳው ጥግ መጋረጃ እንዘርጋ። ሐጂ ጨርቅ አያጡም» አልኩ።

አክስትየዋ ለእኔ መልስ መስጠት ተገቢ ስላልመሰላቸው ለወንድማቸው ነገሩ። «የሙሽራውን እናት በግድግዳ ጥግ ላሹልካት? እንደ ቡና ጆንያ?»

«የሚገባውም በዚያው በር ነው» አለ ልጁ። «ወንዶቹ በሚገቡበት።»

ሐጂው ሁለቱን ክፍል ዞረው አዩ። ፊታቸው ላይ ቁጣ ፈለግሁ። ቁጣ ቢኖር ለእኔ ምቾት ነበር። «ላ ሐውለ ወላ ቁወተ ኢላ ቢላህ» አሉ፤ ከአላህ በቀር ኃይል የለም ማለታቸው ነው። ወደ ልጃቸውም ዞሩ። «ምንጣፉን አውጣ። ወንዶች መንገድ ዳር ይቀመጣሉ። ቤቱ በሙሉ የሴቶች ነው።»

«አባ፣ የሙሽራው አባት መንገድ ላይ?»

«እኔ ከጎናቸው እቀመጣለሁ።»

እንዲሁ ሆነ። ጥላ እስከ ቀትር ነበር፤ ከዚያ ሄደ። ከጅጅጋ የመጡት የተከበሩ እንግዶች፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ በገበያው መንገድ ዳር በረድፍ ተቀመጡ። እንጨት የጫኑ አህዮች በፊታቸው አለፉ፤ አንዷ አህያ ቆማ የምንጣፉን ጫፍ አሸተተች። ውስጥ ሴቶቹ ከበሮ እየመቱ ሲዘፍኑ ድምፁ ይሰማል፤ ከሰርጉ ለወንዶቹ የደረሳቸው እሱ ብቻ ነበር። የእኛ ሰፈር ሰዎች ከገበያ ሲመለሱ ቆም ብለው ያያሉ።

«ለቅሶ ነው?» አለች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ።

«ለቅሶስ ዳስ አለው» አለቻት።

አማቴ ኩስኩስቱን በእጄ አስያዙኝ። «እርስዎ ያስታጥቡ» አሉ። ከረድፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ እያልኩ ውሃ አፈሰስኩ። የሐጂው ወንድም ጋ ስደርስ እጁን ዘርግቶ ወደ ሰማይ አየ።

«ወንድሜ፣ ጸሐፊው አንተ ነህ አሉ። ይሄኛው አዳራሽ ስንት ሰው ይይዛል?»

ሳቁ ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። ወዲያው ሌላው ቀጠለ፤ «በሩስ? በሩን አትርሳ።»

ሐጂው አልሳቁም። ከሙሽራው አባት ጎን፣ ፀሐዩ ፊታቸው ላይ፣ እንግዳውን በእጃቸው ያጎርሱ ነበር። እሳቸው ጋ ስደርስ እጃቸውን ታጠቡና «አላህ ይስጥህ» አሉኝ። የውሃውን መያዣ ለመጣል ትንሽ ቀረኝ።

በማግሥቱ ቁልፉን በልጃቸው አልላኩም፤ ራሳቸው ይዘው መጡ። አማቴ ኪራዩን ሊመልሱ አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር፤ ሐጂው እጃቸውን አነሡ። «ሴቶቻችን በደስታ ዋሉ። ቤቱ ቤት ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ። «ልጄ፣ ትናንት ማታ ወረቀቱን እንደገና አስነበብኩት። ክንዱ ልክ ነው። ቁጥሩ ልክ ነው። በሩም አለ። አንድ የውሸት ቃል ፈልጌ አጣሁ።»

«ይማሩኝ፣ ሐጂ።»

«ለምንድን ነው? አልዋሸህም እኮ። አትምጡ አልከን፤ እኛም አልመጣንም።»

ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ የሚጠየቅበት ነገር ይኖረኝ ነበር። ወደ አርመኑ ሱቅ ሄጄ ጽሑፉን ገና ከመስታወቱ ሳላወጣ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ቆመው ያነቡ ነበር። «የራሱ ሰፊ በር አለው» አለ አንደኛው፣ ሁለተኛውም በሳቅ ግድግዳ ተደገፈ። ዞሬ ሳላይ ጨርሼ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ስለ አገሬው ሰውና ስለ በሬው ጅራት በማኅበር መናገር ተውኩ፤ አርዕስቱን የሚያነሡት ሌሎች ሆኑ።

አማቴ ግን የተሸነፉ አልነበሩም። በሚቀጥለው በጋ ከጎረቤቱ ጋር በሽማግሌ ተስማምተው የኋላውን ግድግዳ አስፈለፈሉ። ሁለት ግንበኞች ብዙ ቀን ደከሙበት። ጎረቤቱ ከግቢው ወደለቀቀው ቀጭን መንገድ ከውስጡ ክፍል የሚያስወጣ በር ተከፈተ፤ መከለያ የሚሆን አጥርም ተሠራለት። አማቴ ያን ጊዜ «ይጻፉ» አላሉኝም። ሰው ልከው ሐጂውን ጠሩ።

መጡ። በአዲሱ በር ገቡ፣ በትልቁ በር ወጡ። ዞረው በትልቁ ገቡ፣ በአዲሱ ወጡ። አጥሩ ጋ ቆመው ከመንገዱ የሚያልፍ ሰው ውስጡን ያይ እንደሆነ አጎንብሰው ተመለከቱ። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ።

«የወንድሜ ልጅ አለች፤ ኢንሻ አላህ ከረመዷን በኋላ» አሉ ለአማቴ። ከዚያ እኔን አዩኝ። «በል፣ አሁን ጻፍ።»

«እርስዎ ይንገሩኝና ልጻፍ» አልኩ።

«አይ። አንተ ጻፍ፤ ጽሕፈትህ ጥሩ ነው።» በትራቸውን አነሡ። «እኛ መጥተን እናያለን።»