ለማላውቃት ሴት የላክሁት መልእክት

እስራኤል አገር፣ አፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ ባለ የምግብ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ከሥራ በኋላ እየተማርሁ በምግብ ጥራት ቁጥጥር ዲፕሎማ አገኘሁ። ዲፕሎማው መጣ እንጂ ቦታዬ አልተለወጠም፤ ያንኑ ካርቶን እዘጋለሁ። ለወጣ ማስታወቂያ ሁሉ አመልክቼ አንድም መልስ ስላልመጣልኝ ስልኬ ጮኸ ባለ ቁጥር ካርቶኑን ጥዬ አየው ጀመር።

አንድ ቀን ባለሙያዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ የአንዲት ሴት ጽሑፍ አየሁ። የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፤ በሌላ ከተማ የአንድ ትልቅ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ኃላፊ ሆናለች። እሷም የጀመረችው ከማሸጊያ ክፍል ነው። ጽሑፏን ደጋግሜ አነበብሁት። ከዚያ በምሳ ዕረፍቴ ቁጭ ብዬ በዕብራይስጥ ረጅም መልእክት ጻፍሁላት።

ከመላኬ በፊት አፉላ ኢሊት ሰፈር ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ይዤላት ሄድሁ። እህቴ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ናት፤ ከማታውቃቸው ሰዎች እንዲህ ያለ መልእክት ይጎርፍላታል። ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ አነበበችው።

«እኔ እንዲህ ያለ ሲመጣልኝ ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«እዘጋዋለሁ። ቆይቼ እመልሳለሁ እላለሁ፤ ከዚያ አልመልስም። ክፉ ሆኜ አይደለም። ከሥራ ደክሞኝ ወጥቼ የሰው ሙሉ ሕይወት አንብቤ፣ የሥራ ታሪኩን የጻፈበትን ኮሮት ሀይም ከፍቼ አይቼ፣ ግማሽ ሰዓት በስልክ አውርቼ፣ ሥራም ፈልጌ… ከየት ልጀምር?»

ስልኬን ልቀበላት እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ቀጠለች። «ደግሞ ይሄ ምንድን ነው? ‹እስከ እሑድ መልስሽን እጠብቃለሁ›! ለእሷ ቀን የምትቆርጪላት አንቺ ነሽ? ‹የአንድ ሕዝብ ልጆች ስለሆንን ልትረጂኝ ይገባል› የሚለውንም አውጪው። ዕዳ አለብሽ እንደ ማለት ነው።»

«አክብሬ ነው የጻፍሁት።»

«በአማርኛ ቢሆን ‹እርስዎ› ብለሽ ትገላገይ ነበር። በዕብራይስጥ ‹እርስዎ› የለም። የምታከብሪያት ጊዜዋን ስትቆጥቢላት ነው።»

አብረን ቆረጥነው። ማን እንደሆንሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፤ ከጽሑፏ የትኛው ነገር እንደ ነካኝ በሌላ። ኮሮት ሀይሙን አነሣነው፤ ከፈለገች ትጠይቃለች። የስልኩንም ልመና ሰረዝነው። በመጨረሻ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ፦ ከማሸጊያ ወደ ጥራት ክፍል ለመሻገር ገንዘብ ከፍዬ የውስጥ ኦዲት ኮርስ ልውሰድ፣ ወይስ መጀመሪያ ሌላ ነገር ላድርግ? ከሥሩም «ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ካልተመቸሽ ባትመልሺም ይገባኛል» አልን።

ይቺ የመጨረሻዋ አስፈራችኝ። «በሩን እኮ በራሴ ላይ ዘጋሁት!»

«አይደለም፤ ባትመልስም እንዳትሳቀቅ አደረግሽ» አለች እህቴ።

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ላክሁት። በማግሥቱ ማንበቧን የሚያሳየው ምልክት መጣ፤ መልስ ግን የለም። የቀድሞውን ብልክ ኖሮ ታዝንልኝ ነበር፣ ይሄ ቀዝቃዛ ሆነባት፣ እያልሁ ተብሰለሰልሁ። ካርቶን እያሸግሁ በየደቂቃው ኪሴን እዳስሳለሁ። አርብ ዕለት አውቶቡስ ጣቢያ ቆሜ «መልእክቴ ደርሶሽ ይሆን?» ብዬ ጻፍሁ። አውራ ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። ማንበቧን እያወቅሁ እንዲያ ብዬ መጠየቅ መወትወት መሆኑ ተሰማኝና አጠፋሁት።

መልሱ በዘጠነኛው ቀን መጣ። ለመክፈት ፈርቼ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

የምትሰጠኝ ሥራ እንደሌላት በመጀመሪያው መስመር ነገረችኝ። ከዚያ ጥያቄዬን መለሰችልኝ፦ «አሁን ለኮርስ አትክፈይ። በራስሽ ፋብሪካ የጥራት ክፍሉ የውስጥ ኦዲት ሲያደርግ ቆመሽ ለማየት ጠይቂ። አንድ ቀን ማየት ብዙ ያስተምራል። ጥያቄሽ ግልጽ ስለነበር መመለስ ቀለለኝ።»

ደስታና ብስጭት አንድ ላይ መጣብኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ የራሳችንን የጥራት ኃላፊ ከ«ቦቄር ቶቭ» የጠዋት ሰላምታ በቀር አናግሬው አላውቅም ነበር። ለእሷ «አመሰግናለሁ፣ ነገ እጠይቃለሁ» ብቻ ብዬ መለስሁ። ሌላ ጥያቄ ላክልበት እጄ በልቶኝ ነበር፤ ተውሁት።

በማግሥቱ ኃላፊውን ኮሪደር ላይ አገኘሁት። እየተጣደፈ ነበር። «አሁን አላቆምህም፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር፣ መቼ ይመችሃል?» አልሁት።

ሰዓቱን አየ። «ከሚሽመሬትሽ ስትወጪ ነይ» አለኝ።

ፈረቃዬ ሲያልቅ ሄድሁ፤ አምስት ደቂቃም አልፈጀብን። በሚቀጥለው ኦዲት ከኋላው ሆኜ እንዳይ ፈቀደልኝ። ሥራ ይሰጠኝ አይሰጠኝ እስካሁን አላውቅም። ግን የኦዲቱ ቀን ነጭ ጋዋን አስለበሰኝና ስድስት ዓመት በደጁ ሳልፍ ወደ ኖርሁበት የጥራት ክፍል ተከትዬው ገባሁ።