ዘጠና አንድ ጆንያ

አሮይታ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሠራችው ሥራ አንድ ነው። በደሴቶቹ ዋና ወደብ በቤቲዮ ባለው የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን፣ ከጣሪያው ሥር በተሠራች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ ከየደሴቱ ሱቅ የሚላክላትን ቆጠራ ታነባለች። ባለሱቆቹ ዕቃቸውን ቆጥረው በእጃቸው ይጽፉና ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሥተው ይልኩላታል። እሷ ደግሞ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር ታስተያየዋለች። ባለፈው ቆጠራ የነበረው ላይ በመርከብ የገባውን ትደምራለች፤ የተሸጠውን ትቀንሳለች። የቀረው ሱቁ ውስጥ መገኘት አለበት። ካልተገኘ መስመሩ ላይ ቀይ ታደርግበታለች።

ቀይ ለማድረግ ግን አትቸኩልም። ባልና ልጅ የላትም፤ ማታ ማታ ብቻዋን ስለምትቀመጥ ይመስላል፣ የሰውን የእጅ ጽሑፍ እንደ ሰው ፊት ታውቀዋለች። የትኛው ባለሱቅ ሰባትን እንደ አንድ እንደሚጽፍ፣ የትኛዋ ጠዋት ቆጥራ ከሰዓት እንደምትሰለች አይጠፋትም። የዚያን ቀን ጠዋት የሰሜኑ ሱቅ ወረቀት የዓሣ ቆርቆሮ «6» ይል ነበር፤ መዝገቡ የሚጠብቀው ሁለት መቶ ዘጠና ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ሌባ ብሎ ይጮህ ነበር። እሷ ግን ፎቶውን አስፍታ አየችው። ሴትዮዋ የቆጠረችው በካርቶን ነው፤ አንዱ ካርቶን አርባ ስምንት ይይዛል፤ ስድስቱ ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ይሆናሉ። የጎደለው ሁለት ቆርቆሮ ነው። ሁለት ቆርቆሮ ደግሞ ሰው ይበላዋል፣ ዝገት ይበላዋል። «በካርቶን የተቆጠረ» ብላ ጽፋ አለፈችው።

ቀጥሎ የደቡቡን ደሴት ወረቀት ከፈተች። የሷ ደሴት ነው። ባለሱቁም ኢዮቴባ፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጋት የእናቷ ወንድም ነው።

ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቆርቆሮ፣ ሳሙና፣ ባትሪ፤ ሃያ ሁለት መስመር። ሃያ ሁለቱም ልክ። አንዲት ሳሙና እንኳ አልጎደለችም፣ አልተረፈችም። ሩዙ ባለፈው ሰማንያ አራት ጆንያ ነበር። ስልሳ ገባ፣ ሃምሳ ሦስት ተሸጠ፤ ዘጠና አንድ መቅረት አለበት። ኢዮቴባም «91» ብሎ ጽፏል።

ደስ ሊላት ሲገባ ከላይ ጀምራ እንደገና አነበበችው።

በደሴቶቹ ሱቆች አይጥ አለ፣ ጣሪያ ያፈሳል፣ ልጅ ከረሜላ ይመዛል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ልክ የመጣ ወረቀት አይታ አታውቅም። የሰው ቆጠራ ይሰረዛል፣ ጥግ ላይ በጭረት በጭረት ይደመራል፣ ላብ ያደበዝዘዋል። ይሄኛው በአንድ ብዕር፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብሎ የወረደ ነው።

መርከቡ ከቀትር በኋላ ባሕሩ ሲሞላ ይነሣል። የሚጫነው ዕቃ ዝርዝር እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። የሚቀጥለው መርከብ ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ነው። ዘጠና አንድ ጆንያ ካለ፣ በሳምንት ሰባት ቢሸጥ እንኳ አሥራ ሦስት ሳምንት ያበላል፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ለደቡቡ ደሴት የተመደበው ሩዝ ባዶ ነበር። ደሴቱ ላይ ዝናብ ከጠፋ አምስት ወር ሆኖታል። የጉድጓዱ ውኃ ጨው ጨው ይላል፤ ሰው እንደ እንጀራ የሚበላውን የዳቦ ፍሬ ዛፉ ጡጫ ሳያክል ይጥለዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው የሚኖረው በሩዝ ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ ቤኒያታ ሆዱን እያስቀደመ ደረጃውን ወጣ።

«አንቺ የቁጥር መነኩሲት፣ ወረቀት ስታዪ ልታረጂ ነው? ዝርዝሩን ስጪኝ።»

«አንድ ጊዜ ታገሠኝ።»

«ባሕሩ አይታገሥም እንጂ እኔማ እታገሥ ነበር። ይልቅ ያንን የደቡቡን ሩዝ ምን ላድርገው? ነቀዝ እየተጋበዘበት ነው።»

«የቱን የደቡብ ሩዝ?»

«አሥራ አምስቱን ነዋ። ባለፈው ጉዞ ማዕበሉ የማራገፊያ ጀልባዋን ደሴቱን ከከበበው ድንጋይ አላሳልፍ ብሏት መርከበኞቹ መልሰው ያመጡትን። ወረቀቱን ለመርከብ ቢሮው ሰጥቻለሁ። አልደረሰሽም እንዴ?»

አልደረሳትም። አሮይታ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። የገባው ስልሳ ሳይሆን አርባ አምስት ነው። እንግዲያው ደሴቱ ላይ ሊኖር የሚችለው ቢበዛ ሰባ ስድስት ጆንያ ነው። ዘጠና አንድ ሆኖ የሚቆጠር ሩዝ እዚያ የለም፤ አሥራ አምስቱ እዚሁ፣ እግሯ ሥር ተደርድሯል። ኢዮቴባ የጻፈው ያየውን ሩዝ አይደለም። የጻፈው የሷን ስሕተት ነው።

ከየት እንዳገኘውም ታውቃለች።

ከሦስት ቀን በፊት፣ የሽያጭ መዝገቡ ሲዘጋ ደውሎ «ልጄ፣ ዓይኔ ደክሟል፣ መዝገቡ ስንት እንደሚል ላኪልኝ፣ ከቆጠርኩት ጋር አስተያየዋለሁ» ብሏት ነበር። ባዶ ወረቀት ብቻ እንዲላክ ደንብ አለ፤ ቆጣሪ የሚጠበቀውን ቁጥር ካየ ዓይኑ ያንኑ ያያል። ግን ኢዮቴባ «ቡቡቲ ነው» ብሎ ጨመረበት። ዘመድ ቡቡቲ ብሎ ከለመነህ አትከለክለውም። ጀልባ ቢሆን ትሰጣለህ፣ የለበስከውን ቢሆን ታወልቃለህ። አባቷ ለሆነ ሰው ሃያ ሁለት ቁጥር ምን አላት? ላከችለት።

ፎቶውን እንደገና አስፍታ አየችው፤ አሁን ጽሑፉን ሳይሆን ጠርዙን። ወረቀቱ የተነሣው የእንጨት ርብራብ ላይ ተዘርግቶ ነው። ያንን ርብራብ ልጅ ሆና እየዘለለች አድጋበታለች። የሩዙ ማስቀመጫ ነው። በወረቀቱ ግራና ቀኝ የሚታየው ባዶ እንጨት ብቻ ነበር።

«ቤኒያታ፣ ዝርዝሩን አትዝጋ። ልደውል።»

«ፊትሽ ምን ሆኗል?»

«ልደውል አልኩህ።»

ስልኩ ሦስቴ ጮኸ። ኢዮቴባ ሲያነሣ ነፋሱ ቀድሞት ገባ።

«አሮይታ፣ ልጄ። ፎቶው አልደረሰሽም እንዴ?»

«ደርሶኛል አጎቴ። ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ነፋሱ ነው እንጂ ደህና ነኝ። ሁሉም ልክ መጣልሽ አይደል?»

«ልክ መጥቷል። አሁን ሱቅ ውስጥ ነዎት?»

«እዚሁ ነኝ።»

«ስልኩን ሳይዘጉ ወደ ሩዙ ይሂዱልኝና አንድ፣ ሁለት፣ እያሉ ይቁጠሩልኝ።»

ሳቀ። «ሽማግሌ በስልክ ታስተምሪያለሽ? ጽፌልሻለሁ እኮ።»

«የላክሁልዎ ቁጥር ስሕተት ነበር አጎቴ። አሥራ አምስቱ ጆንያ ከመርከቡ አልወረደም። እዚህ ነው ያለው።»

ከኢዮቴባ በስተኋላ በሩ ሲላተም ይሰማታል። ሲላተም፣ ሲላተም።

«ስንት አለ?» አለች።

«አሥራ አንድ።»

ቤኒያታ አጠገቧ ቆሞ ወለል ወለሉን ያያል።

«ስልሳ አምስቱስ?»

«የመንደሩ መሰብሰቢያ፣ ማኔአባው ሲመረቅ ሠላሳ ሄደ። ሽማግሎቹ መጥተው ጠየቁኝ፤ ምን ልበል? ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ሰው አንድ አንድ እያለ መጣ። ቡቡቲ፣ ኢዮቴባ። ቡቡቲ፣ ወንድሜ። አንድም ሰው ሰርቆኝ አያውቅም፣ ልጄ። ለምነው ነው የወሰዱት።»

«ለምን አልጻፉልኝም?»

«ምን ብዬ? ያልተሸጠ ምን ተብሎ ይጻፋል?» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ሩዙን ላኪ፤ ሰው ይራባል። ወረቀቱን ግን ተይው። ዘጠና አንድ ይበል። ከሚመጣው ላይ ጥቂት በጥቂት እሞላዋለሁ። ሁለት ሽማግሌ በተሰበሰበበት ስሜ ሌባ ተብሎ እንዳይጠራ። ቡቡቲ ነው፣ አሮይታ። ባሳደግሁሽ።»

በደሴቱ ታሪክ ይህን ሰምቶ እምቢ ያለ ሰው በስም እየተጠራ ሲወቀስ ይኖራል። አሮይታ የሚጫነውን ዝርዝር አየች፤ ለደቡቡ ሩዝ ባዶ ነው። ወረቀቱ ዘጠና አንድ ካለ ቤኒያታ አንዲት ጆንያ አይጭንም፤ ቢጭንም በሚቀጥለው ቆጠራ ጉድለቱ ይኸው ስልሳ አምስት ሆኖ ይጠብቃቸዋል። እስከዚያ ደግሞ አሥራ አንድ ጆንያ ደሴቱን አንድ ሳምንት አያደርስም።

«አልችልም አጎቴ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«አልችልም።»

ስልኩ ተዘጋ።

ወረቀቱ ላይ በቀይ ጻፈች፦ «ይህ ቆጠራ አይደለም፤ ከመዝገብ የተገለበጠ ነው። ሩዝ፦ መኖር ያለበት ሰባ ስድስት፣ ባለሱቁ ያመነው አሥራ አንድ፣ ጉድለት ስልሳ አምስት። ሌሎቹ ሃያ አንድ መስመሮችም አይታመኑም፤ ሁሉም በሁለት ሰው እንደገና ይቆጠሩ።» ከሥሩ ስሟን ጻፈች፤ ለቤኒያታ ሰጠችው።

ቀስ ብሎ አነበበው።

«ቁጥሩን ማን ሰጠው?»

«እኔ።»

«ጎበዝ» አለ፤ ግን አልቀለደም። «ሰባ ጆንያ ቦታ አገኝልሻለሁ። አሥራ አምስቱ ይጨመርበት። ከዚያ በላይ መርከቡ አይችልም።»

ሰማንያ አምስት፣ ደሴቱ ካለው አሥራ አንድ ጋር ዘጠና ስድስት። ሲሸጥም ሲለመንም ደሴቱ ካለፈው ቆጠራ ወዲህ በስምንት ሳምንት መቶ አሥራ ስምንት ጨርሷል። ለዘጠኝ ሳምንት አይበቃም። ሁለቱም በልባቸው አሰሉት።

«አንቺም ትሄጃለሽ» አለ ቤኒያታ። «ያበላሸሽውን ራስሽ ትቆጥሪዋለሽ። ሁለተኛ ሰው ከመርከቡ ላይ እሰጥሻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ወደቡ ላይ ቆማ የዕቃ መጫኛው መረብ ጆንያዎቹን ወደ መርከቡ ሆድ ሲያወርድ ትቆጥር ነበር። ነፋሱ ከምዕራብ ነው፤ በዚህ ወር ከዚያ አይነፍስም ነበር። ባሕሩ አመድ መስሏል። ሰማንያ አምስተኛው ሲወርድ ፈረመችና ወደ ኢዮቴባ ደወለች። ያነሣችው ሚስቱ ነበረች።

«የለም» አለች። «ከቀትር ጀምሮ ታንኳዋን ይዞ ወጥቷል።»

«በዚህ ነፋስ?»

«እኔም ያንኑ ነው ያልሁት። ዓሣ የለም ብሎ ትናንት መረቡን ሰቅሎት ነበር፤ ዛሬም ሳይወስደው ነው የሄደ። የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። ምን ነግረሽው ነው፣ አሮይታ?»

መርከበኛው ገመዱን ፈትቶ «ነይ፣ ውጪ» ብሎ ጠራት። አሮይታ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሣ በመወጣጫው እንጨት ላይ ወጣች።