ታያሚን ያልቀደመው ግሉኮስ

አስካል ጂንካ ውስጥ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ ባዮኬሚስትሪ ማስተማር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። አባቷ ከጋሞ ደጋ ወርደው፣ ጂንካ ላይ ሸማ እየሠሩ አራት ልጆች ያሳደጉ ሰው ናቸው። ከአራቱ ዩኒቨርሲቲ የገባችው እሷ ብቻ ነበረች። ተማሪዎቿ ይፈሯታል። ቀልድ አታውቅም፣ ያረፈደ አታስገባም፣ ሰሌዳውን በሠንጠረዥ ሞልታ «ገልብጡ» ካለች በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ነው።

በጣም የምትወደው ትምህርት የቫይታሚኖቹ ነበር። ቫይታሚን እንዲሁ ተበልቶ ጉልበት የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሰውነት ለወጥ አድርጎት ከኢንዛይም ጋር ሲሠራ ነው ጥቅሙ የሚታየው። ሠንጠረዡን በእንጨት እየጠቆመች፣ «ኒያሲን ኤንኤዲ ይሆናል፤ ምግብ ሲቃጠል ኤሌክትሮን ተቀብሎ ያስተላልፋል» ትላለች። «ራይቦፍላቪን ኤፍኤዲ ይሆናል። ሥራው ተመሳሳይ ነው፣ ግን እሱ ከኢንዛይሙ አይላቀቅም፤ ሰክሲኔት ወደ ፊዩማሬት ሲለወጥ እዚያው ቁጭ ብሎ ይቀበላል። ባዮቲን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተሸክሞ ፓይሩቬት ላይ ይጨምራል፣ ኦክሳሎአሴቴት ይገኛል። ታያሚን ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከዚያው ከፓይሩቬት ላይ እንዲወጣ ያደርጋል፤ የቀረው አሴቲል ኮኤ ሆኖ ወደ ክሬብስ ዑደት ይገባል።» ፈተናውም ከዚሁ ነው የሚወጣው። በቃሉ የያዘ ያልፋል።

ታናሽ ወንድሟ ፋሲል አናጢ ነበር። በር፣ አልጋ፣ የሆቴል ወንበር ይሠራል፤ ሥራ ሲገኝ እስከ ቱርሚ ይሄዳል። በ2008 ዓ.ም. ሚስቱ ዘሪቱ በወሊድ ላይ ከነሕፃኗ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ አረቄ ያዘ። እሱና አስካል የሚያመልኩበት የጸሎት ቤት ሽማግሌዎች ሁለቴ መጥተው መከሩት፣ በሦስተኛው ከኅብረት አገዱት። አስካል አፈረች። ማፈሯንም አልደበቀችም። ቤቷ ሲመጣ ምግብ ታቀርብለታለች፣ እሱ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተወዋል፣ እሷም «እንግዲህ እንደ ፍጥርጥርህ» ብላ ሰሃኑን ታነሳለች። ወራት ሙሉ በአረቄ ብቻ የሚኖር ሰው ሰውነቱ ውስጥ ምን እንደሚያልቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ጂንካ ውስጥ ብዙ አልነበረም። እሷ ግን ያየችው ኃጢአቱን ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፋሲል ቀይ አፈር ከተማ አካባቢ የሱቅ በር ሊሠራ ሄዶ ታመመ። ሦስት ቀን አስመለሰው፣ ውኃ እንኳ አልቀመሰም፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት ራሱን ስቶ ተገኘ። ያሠሩት ሰዎች ተሸክመው መንገድ ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ አስገቡት። ለአስካል የተደወለላት በማግስቱ ነው። በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፍራ ደረሰች።

ፋሲል አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስታየው ደስ አላት፤ ቀረብ ስትል ግን ደስታው ከፊቷ ጠፋ። ዓይኖቹ ይርገበገባሉ፣ ወደ ጎን እንዲያይ ብትነግረውም አይታዘዙለትም። ሊነሳ ሲሞክር እግሮቹን አንፈራጥጦ ተንገዳገደ። ከአፉ የመጠጥ ሽታ አልነበረም።

«ቲቸር» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ። አቤኔዘር ነበር፣ ከሁለት ዓመት በፊት ያስመረቀችው ነርስ። «ወንድምሽ መሆኑን አላወቅኩም ነበር።»

«ሲመጣ እንዴት ነበር?»

«ስኳሩ በጣም ወርዶ ነበር። አርባ ፐርሰንት ግሉኮስ ሰጠሁት፣ ወዲያው ነቃ፣ ስሙን ሁሉ ነገረኝ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ግሉኮስ በድሪፕ ቀጠልኩለት። ከሰዓት በኋላ መዘባረቅ ጀመረ።»

«ታያሚንስ?»

አልሰጠውም ነበር። አስካል ራሷ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ታያሚን ለብቻው አልነበረም። ታያሚን የሚገኝበት የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ ግን አንድ ካርቶን ሙሉ ነበር።

«ስኳሩን መስጠትህ ልክ ነው» አለችው። «ባትሰጠው ይሞት ነበር። ታያሚን ግን አብሮ መግባት ነበረበት። ግሉኮሱ ተሰብሮ ፓይሩቬት ሆነ። እስከዚያ ድረስ የሚያስፈልገው ኤንኤዲ ነው፣ እሱ ነበረው። ከዚያ በኋላ ግን ያለ ታያሚን ማለፍ አይችልም። የነበረችውን ጥቂት ታያሚን ስኳሩ ጨረሳት። ፓይሩቬቱ ወደ ላክቴት ዞረ፣ አንጎሉ በስኳር መሐል ተራበ።»

«ሠንጠረዡን አውቀዋለሁ፣ ቲቸር» አለ አቤኔዘር ቀስ ብሎ። «አሁንም በቃሌ ነው። ከሃያ ሃያ ነው የሰጠሽኝ። ያኔ እጄን አውጥቼ፣ ይሄ በሽተኛ ጋ መቼ ነው የሚያስፈልገን ብዬ ጠይቄሽ ነበር።»

«ምን አልኩህ?»

«ፈተና ላይ አልሽኝ። ክፍሉ ሳቀ።»

አስካል አላስታወሰችውም። ማለቷን ግን አልተጠራጠረችም፤ የእሷ አነጋገር ነበር።

ከካርቶኑ ውስጥ አምፑሎቹን አውጥታ አቤኔዘር ፋሲልን እንዲወጋው አደረገች። በዚያው ቀን መኪና ተኮናትራ ወንድሟን ጂንካ ሆስፒታል አስገባች፣ ታያሚኑንም ከግል መድኃኒት ቤት ፈልጋ አገኘች። በሦስተኛው ቀን የፋሲል ዓይኖች ተስተካከሉ። በሦስተኛው ሳምንት ያለ ደጋፊ ሄደ። አእምሮው ግን አልተመለሰም። የዛሬው ነገር አይይዘውም፣ ያለፉት ዓመታትም ብዙዎቹ ጠፍተዋል። ክፍተቱን በፈጠራ ይሞላዋል፤ መዋሸቱን ሳያውቅ ትናንት ከቱርሚ እንደመጣ በዝርዝር ይተርካል። ሐኪሙ አስካልን ወደ ጎን ጠርቶ፣ ከዚህ በላይ ብዙ እንዳትጠብቅ ነገራት። እሷም ታውቀው ነበር።

ወደ ቤቷ ወሰደችው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ዘሪቱ የታለች?» ብሎ ሲጠይቃት እውነቱን ነገረችው። አዲስ መርዶ ሆኖበት መሬት ላይ ተንከባለለ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጠየቃት። ከሳምንት በኋላ አስካል፣ ውሸት የምትጸየፍ ሴት፣ «አልዱባ ገበያ ሄዳለች» ማለት ጀመረች። እሱም «በጊዜ ብትመለስ ጥሩ ነው» ይላል።

ማስተማሩን አልተወችም። ለኮሌጁ ዲን፣ ትምህርቱ ከበሽተኛ ታሪክ ጋር ተያይዞ እንዲሰጥ ደብዳቤ ጻፈች። ዲኑ፣ የብቃት ምዘናው የሚጠይቀው ሠንጠረዡን ነው ብሎ መለሰላት። እሷ ግን ሠንጠረዡን ከመጻፏ በፊት፣ ስም ሳትጠቅስ፣ የአንድ አናጢ ታሪክ ትነግራቸዋለች። አንዳንዶቹ ይጽፋሉ፤ አብዛኞቹ ፈተና ላይ ይወጣ እንደሆነ ይጠይቃሉ።

አቤኔዘር አንድ ዓመት ቆይቶ እሑድ ከሰዓት ቤቷ መጣ። ክሊኒኩን ትቶ ነበር። በር ላይ ቆሞ ብዙ ሊናገር ያሰበ ይመስል ነበር፣ ግን ቀድሞ ያናገረው ፋሲል ነው፤ እጁን ይዞ ጎትቶ አስገባው።

«ታውቀኛለህ?» አለው አቤኔዘር።

«እንዴት አላውቅህም፤ የእናትህን ቤት በር የሠራሁት እኔ አይደለሁ? አሁንም ደህና ይዘጋል?»

አቤኔዘር አስካልን አያት። እሷ ወለሉን እያየች ነበር።

«ደህና ይዘጋል» አለ በመጨረሻ። ጥቂት ተቀምጦ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ዓይኑን በእጁ እያበሰ ወጣ። አስካል እስከ አጥሩ በር ሸኘችው።

ስትመለስ ፋሲል እጁ ውስጥ ያለውን ሙቀት የሚመረምር ይመስል መዳፉን ዘርግቶ ተቀምጦ ነበር።

«እታለም፣ ሰው መጥቶ ነበር እንዴ?»

«አልመጣም» አለችው።